ነብር በሳልባትዮ

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ አላልፍ ሲለኝ፣ ማታ ማታ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ የጎደለውን እሞላ ነበር። አንድ ቀን አንድ ድርጅት በዱቄት ከረጢቱ ላይ የሚታተም የእንግሊዝኛ መፈክር ሰጠኝ። ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ‹‹ፊል ዘ ዲፈረንስ››። እኔም በሦስት ደቂቃ ‹‹ልዩነቱ ይሰማዎታል!›› ብዬ ሰጠሁና ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። እንዲህ በቀላሉ ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ መኖሩ እየገረመኝ ነበር የሄድኩት።

ከወር በኋላ ዱቄቱን ገዝቼ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። ልጇ የጻፈውን እንድታይ ብዬ ነዋ! እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ሳትዘል፣ ጣቷን እያስከተለች ነው የምታነበው። ‹‹ልዩ-ነቱ ይሰማ-ዎታል›› አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከረጢቱ ላይ ለጠፈች። ትንሽ ቆየችና ቀና ብላ፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ ይኼስ ዝም ብሏል፤ ሌላውን ብታመጣልኝ ምናለ?›› አለችኝ።

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሆዴ አልሳቀም። አማርኛው ስህተት አልነበረበትም። ‹‹ብርዱ ተሰማኝ››፣ ‹‹ሕመሙ ይሰማኛል›› እንላለን። ነገር ግን ብርዱም ሕመሙም ሰውነታችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ገና ያልተቦካ ዱቄት ‹‹ይሰማዎታል›› ሲባል ለሰሚው የሚቀረው ጆሮ ብቻ ነው። እናቴ ያሾፈችው በዱቄቱ ሳይሆን በእኔ ነው። በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈላትን ነገር እንደ እንግዳ ሰው ንግግር ነበር የሰማችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠማማ መፈክር እንደ ቴምብር መሰብሰብ ያዝኩ። በቅርቡ ደግሞ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለወጣት ሠራተኞቹ ሁለት ከሰዓት በኋላ ስለ ትርጉም እንዳወራላቸው ሲጠይቀኝ፣ ዱቄቱን ከማስታወስ ይልቅ አንድ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ይዤላቸው ሄድኩ። አብረን እንሞክረዋለን፤ ከሆነልን ሆነልን፣ ካልሆነም ለምን እንዳልሆነ እናያለን አልኳቸው። ዓረፍተ ነገሩ ‹‹ፑት ኧ ታይገር ኢን ዩር ታንክ›› ይላል። ኤሶ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው በዓለም ላይ ያስተጋባው።

ታሪኩን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1959 ቺካጎ ውስጥ ኤመሪ ስሚዝ የሚባል የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው ይህችን መስመር የጻፋት። የስሚዝ ችግር ምን እንደነበር ለማወቅ ነዳጅ ማደያ ጎራ ማለት ይበቃል። ቤንዚን የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ለገዢው ማሳየት አይችልም። ከምድር ሥር ካለ ጋን ተነሥቶ፣ በጎማ ቱቦ አልፎ፣ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ይጠፋል። ገዢው የሚያየው የሚሽከረከር ቁጥር ነው፤ የሚደርሰው ሽታው ነው። የዚህኛው ማደያ ቤንዚን ከዚያኛው በምን እንደሚሻል በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይቀመስ። ስሚዝ ያደረገው ለማይታየው ነገር ገላ መስጠት ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ሳይሆን አራት እግርና ጅራት ያለው አውሬ ነው አለ። ጉልበቱም፣ ቀልዱም፣ ውሸቱም አንድ ላይ መጡ። ውሸት መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አልተቆጣም።

መፈክሯ ከማደያ ወጥታ መንገድ ላይ ለመዋል ጊዜ አልፈጀባትም። እ.ኤ.አ. በ1960 የብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዋተርስ፣ ዊሊ ዲክሰን የጻፈለትን ታይገርና ታንክ ያለበት ዘፈን ተጫወተ። ዘፈኑ ስለ መኪና እንዳልሆነ ለመረዳት የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሰምና ወርቅ የምናውቀው እኛ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 ኩባንያው የሚስቅ ታይገር በካርቱን አስሥሎ ዘመቻውን በሰፊው ከፈተው። በመኪኖቹ የነዳጅ ክዳን ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ጭራም ተሠራ። አሜሪካኖቹ በጎዳና ሲነዱ አውሬው ገብቶ ጭራው ውጭ የቀረ ይመስል ነበር። ይህቺን ጭራ አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ዘመቻው ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ለተርጓሚ እውነተኛው ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ አንዲት መስመር በየአገሩ ስትገባ ምን እንደጣለችና ምን እንዳተረፈች ማየት ይቻላልና።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን በጣት እንቁጠረው። ፑት፣ ኧ፣ ታይ፣ ገር፣ ኢን፣ ዩር፣ ታንክ። ሰባት ቀለም ነው። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይለቃል፤ መጨረሻው ላይ ‹‹ታንክ›› እንደ ከበሮ ይመታና ያቆማል። ‹ት› የምትባለው ድምፅ ሦስት ቦታ አለች። አሳሳቁም በቅደም ተከተሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ‹‹ታይገር አስገባ›› ሲባል ሰሚው ይደነግጣል፤ የት እንደሚገባ የሚያውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ድንጋጤውና ፍቺው በአራት ቀለም ይራራቃሉ።

ጀርመኖች ዕድለኞች ሆኑ። ‹‹ፓክ ዴን ቲገር ኢን ዴን ታንክ›› አሉ። ቁጠሩት፤ ሰባት ነው። ምቱም አንድ ነው። ቲገርና ታንክ እዚያም በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። በጀርመንኛ የጦሩ ታንክ ሌላ ስም ስላለው ‹‹ታንክ›› ሲባል ማንም ጦርነት አያስብም። እንዲህ ያለ መገጣጠም ለተርጓሚ እንደ ሎተሪ ነው፤ በችሎታው እንዳይመስለው መጠንቀቅ አለበት።

ፈረንሳዮች ግን የነዳጅ መያዣውን የሚጠሩበት ቃል ረጅምና ደረቅ ነው፤ ‹‹ታንክ›› ብለው ቢተዉት ደግሞ ጦር ሜዳ ነው። ስለዚህ ታንኩን ጥለው ነብሩን ሞተር ውስጥ አስገቡት። ጣልያኖችም እንዲሁ አደረጉ። በዚያ ላይ ጣልያኖቹ አንድ ድፍረት ጨመሩ። በቋንቋቸው ይህ አውሬ በተለምዶ የሚጠራው በሴት ጾታ ነው፤ መፈክሩ ግን ወንድ አደረገው። የሰዋስው ሰዎች እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ይጠቅሱታል። መኪና ነጂው ግን አልተቀየመም።

የጣልያኖቹ ምርጫ እኛን ይመለከተናል። የነዳጅ መያዣውን የሚጠሩበት ቃል ‹‹ሰርባቶዮ›› ነው። አወቃችሁት? የእኛ መካኒኮችና ሹፌሮች ‹‹ሳልባትዮ›› የሚሉት ይኸው ነው። ከካምቢዮና ከካንዴላ ጋር አብሮ ከጣልያንኛ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ የቀረ ቃል። ባለቤቶቹ ለመፈክር አይሆንም ብለው የጣሉትን እኛ ወርሰን የዕለት ቋንቋ አድርገነዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። ወጣቶቹ አሥር ያህል ናቸው። ወረቀት ሰጠኋቸውና በአሥር ደቂቃ ወደ አማርኛ መልሱት አልኳቸው። ዘጠኙ የጻፉት ይብዛም ይነስም አንድ ነው፤ ‹‹በታንክዎ ውስጥ ነብር ያስገቡ››። አንዱ ‹‹ያኑሩ›› ብሏል። ነብሩን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያጣጥፈው መስሎ ታየኝ።

ይህችን መስመር አብረን ፈታናት። ‹‹ታንክ›› ሲባል የእኔ ዕድሜ ሰው የሚያየው የአብዮት አደባባይን ሰልፍ ነው። ነብር በታንክ ውስጥ ካስገባን የነዳጅ ሳይሆን የአንድ ክፍለ ጦር መፈክር ይሆናል። ወጣቶቹ ደግሞ ‹‹ታንከር›› ወይም ‹‹ሮቶ›› ነው የመጣላቸው፤ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ። ነብር የውኃ ሮቶ ውስጥ! ‹‹ታዲያ ሳልባትዮ አትሉም ወይ?›› ብላቸው ከአሥሩ አራቱ ቃሉን አያውቁትም። ሹፌሩ ያውቀዋል፤ መኪናውን የገዙት ሰውዬ ላያውቁት ይችላሉ። ‹‹ሳልባትዮ›› ብቻዋን የመስመሩን ግማሽ ትበላለች፣ ‹‹በ›› እና ‹‹ዎ›› ሲጨመሩባትማ ‹‹በሳልባትዮዎ›› ብሎ መናገር ራሱ ሥልጠና ይፈልጋል። ጣልያኖች ለምን እንደሸሹት ገባን።

ቀጥሎ የአውሬው ጉዳይ መጣ። ታይገር በአገራችን የለም። መዝገበ ቃላቱ ነብር ይለዋል፤ የእኛ ነብር ግን ሌላ ነው፤ ያኛው ባለ መስመር፣ ይኼኛው ባለ ነጠብጣብ። ኩባንያው ሥዕሉን ከውጭ ቢልክልን ነብር ተብሎ ባለ መስመሩ ይለጠፋል። ልጆች ከቴሌቪዥን ስለሚያውቁት ምንም አይሉም፤ ከገጠር የመጡ አባት ግን ‹‹ይኼ ነብር ነው ወይስ የሜዳ አህያ?›› ማለታቸው አይቀርም። አንዱ ልጅ ‹‹ጋሼ፣ ለምን አንበሳ አናደርገውም? የጀግና ምልክታችን እሱ ነው›› አለኝ። ጥሩ ሐሳብ መሰለ። ግን ለአዲስ አበባ ሰው አንበሳ ማለት ለረጅም ዓመታት አውቶቡስ ነበር። ተሰልፎ የሚጠበቅ፣ ሲመጣም ሞልቶ የሚያልፍ። ቤንዚንህ አንበሳ ነው ማለት መኪናህ አይደርስም እንደማለት ሆነና ትተነው ሳቅን።

ነብሩ ይቆይ ተባለ። ደግሞም አማርኛው ነብር የራሱ ጉልበት አለው። ፈጣንና ቆራጥ ሰው ‹‹ነብር ነው›› ይባላል፤ ድንገት የተነሣ ሰው እንደ ነብር ተወረወረ ይባላል። ካርቱን ሆኖ ፈገግ የሚለው የአሜሪካኖቹ አውሬ እኛ ጋ የለም፤ የእኛው ፍየል በላ ነው። ለነዳጅ ግን ከሚስቀው የሚወረወረው ይሻላል።

ትልቁ ችግር የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። ‹‹ዩር›› የምትባለው ትንሽ ቃል። እንግሊዝኛው ለሚኒስትሩም ለታክሲ ነጂውም፣ ለወንዱም ለሴቷም ያው ‹‹ዩር›› ነው። አማርኛ ግን ማንን እንደሚያናግር ሳይወስን አንዲት ግሥ አይናገርም። ‹‹አስገባ›› ካልን ሴቷን ትተናል፣ አዛውንቱን ደፍረናል። ‹‹ያስገቡ›› ካልን አክብረናል፣ ግን ቀልዱ ሞተ። በትህትና የሚነገር ቀልድ የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ‹‹እባክዎ ነብር ያስገቡ›› የሚል ሰው የሆቴል አስተናጋጅ እንጂ ተጫዋች አይመስልም። ‹‹አስገቡ›› ለብዙ ሰው ነው፤ መኪናው ግን ያንድ ሰው ነው።

በዚያ ላይ የዓረፍተ ነገራችን ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛው በግሥ ጀምሮ በ‹‹ታንክ›› ይመታል። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ ይነገራል፣ ነብሩ መሐል ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ‹‹አስገባ›› ይቀራል። ሰሚው የሚደነግጠው ፍቺውን ካወቀ በኋላ ነው፤ ማለትም አይደነግጥም። መጨረሻዋ ላይ የሚመታውም ‹‹አስገባ›› ነው፤ ምንም የማያስቅ ቃል። ትርጉሙ ሳይጎድል ቀልዱ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ቃሉን ሁሉ አሟልቶ የተረጎመ ሰው ‹‹ምን ጎደለ?›› ብሎ ይከራከራል፤ የጎደለው ቃል ሳይሆን ቃሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በዚህ ተስፋ ቆርጠን ሻይ ልንጠጣ ስንነሣ፣ ዘጠኙ ሲጽፉ ወረቀቷን ባዶ የመለሰችው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ጋሼ፣ ‹ትናንት ነበር፣ ዛሬ ነብር› ብንልስ?›› አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጮኸ። እኔ ራሴ ጠረጴዛ መታሁ። ተመልከቱት። ትናንት፣ ነበር፤ ዛሬ፣ ነብር። አራት ቀለም በአራት ቀለም። ሁለቱ ቤት የሚደፉት በአንድ ድምፅ ነው። ‹‹ነበር›› ያለቀለት ነገር ነው፤ ነበር ባይሰበር እንላለን። በሌላ ነዳጅ ‹‹ነበር›› የነበረው መኪና በዚህኛው ነብር ሆነ። ታንክ የለም፣ ሳልባትዮ የለም፣ አንተ የለም፣ እርስዎ የለም። ግሡ ራሱ ወደ አውሬ ተለውጧል። እንግሊዝኛ ይህን ማድረግ አይችልም። እኔም ብድር መለስን ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ሳትውል ሳታድር እንከኗ ወጣ። ልጅቷ መስመሯን ነጭ ሰሌዳው ላይ እንድትጽፍ ጋበዝኳት፤ በደስታ እየተጣደፈች ጻፈችና ዘወር አለች። ሰሌዳው ላይ ያለው ‹‹ትናንት ነበር፣ ዛሬ ነበር›› የሚል ነው። በ‹በ› እና በ‹ብ› መሐል ያለችው በግራ በኩል የምትለጠፍ አንዲት ጭረት ናት። በአፍ ሲነገር ‹‹ነበር›› ላይ ‹በ› ጠብቃ ስለምትነበብ ማንም አይምታታበትም፤ ለሬዲዮ የተፈጠረች ናት። በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ግን በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሰው ጭረቷን አያያትም። ሠዓሊው ቢረሳት፣ ወይም ፀሐይ ቀለሟን ብትበላት፣ ነዳጁ ትናንትም ዛሬም ነበር ሆኖ ይቀራል። አንድን መፈክር በጆሮም በዓይንም ሳይፈትኑ አለቀ ማለት አይቻልም ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን መስመሯን ልተዋት አልቻልኩም። ሌሊቱን ሳመነዥካት አድሬ፣ በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ስሄድ የተሳፈርኩበትን የላዳ ታክሲ ሹፌር ጠየቅሁት። ይህ የቆየ ልማዴ ነው። መፈክሩን እንግሊዝኛውን ለማያውቅ ሰው፣ ምንም ሳላስረዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እነግረዋለሁ። ከሳቀ ይስቃል። ካልሳቀ አስረድቼው ቢስቅ አልቆጥርለትም። ሹፌሩ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ዕድሜያቸውን ከላዳቸው ጋር የተካፈሉ ሰው ናቸው። ‹‹አባቴ፣ አንድ የነዳጅ ማስታወቂያ ልንገርዎ፤ ትናንት ነበር፣ ዛሬ ነብር›› አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋና በመስታወቱ አዩኝ።

‹‹ነበር የምትለው የኔን መኪና ነው?›› አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ኤመሪ ስሚዝ የደንበኛውን መኪና አልሰደበም። ነብር ጨምርበት አለ እንጂ ያላንተ ነብር ሬሳ ናት አላለም። የእኛ መስመር በቃላት ጨዋታ ስትሰክር የማታውቀውን መልእክት ጨምራለች፤ ገዢውን ‹‹ያለህ ነገር ያበቃለት ነው›› ትለዋለች። አዲስ መኪና ያለው ሰው አይመለከተኝም ይላል፤ አሮጌ ያለው ይቀየማል። እንግሊዝኛውን ከመጠን በላይ ታምነን የወደቅንበትን ጉድጓድ ስንሸሽ፣ አማርኛውን ከመጠን በላይ ወደን ሌላው ውስጥ ገባን። የመጀመሪያውን ስህተት ማንም ያየዋል፤ ሁለተኛው ግን እየሳቅን ስለምንሠራው ባለቤቱ ካልተቆጣ አይታይም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ለልጆቹ ይህንኑ ነገርኳቸው። ልጅቷ ትንሽ ከፋት፤ ግን አላኮረፈችም። ‹‹ታዲያ ሹፌሮቹ ራሳቸው ማደያ ገብተው ምን ነው የሚሉት?›› ብላ ጠየቀች። ከመጀመሪያው እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ!

ማደያ የገባ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‹‹ሙላልኝ›› ይላል። ‹‹ቤንዚን ሙላልኝ››፣ ‹‹ናፍጣ ቅዳልኝ››። ሳልባትዮ የሚል ቃል አፉ ውስጥ የለም፤ ማደያ ውስጥ የሚሞላ ሌላ ነገር ስለሌለ። ልጅቷ ቤንዚኑን አውጥታ ነብሩን አስገባች፤ ‹‹ነብር ሙላልኝ!››

አምስት ቀለም ነው፤ ከእንግሊዝኛው በሁለት ያንሳል። ግን ያስጨነቀን ሁሉ ተፈታ። ታንኩ ‹‹ሙላ›› በሚለው ግሥ ውስጥ ተደብቋል። ነብሩ ከፊት ነው፤ ሰሚው ነብር ሲል ይደነግጣል፣ ‹‹ሙላልኝ›› ሲል ይገባዋል፤ ማለትም ድንጋጤውና ፍቺው እንደ እንግሊዝኛው ተከታትለው መጡ። ግሥ መጨረሻ ላይ መሆኑ ያጠፋን የነበረው አሁን ጠቀመን። ‹‹ዩር›› የሚለው ጣጣም ቀረ፤ ኩባንያው ለደንበኛው አይናገርም፣ ደንበኛው ራሱ ለቀጂው ይናገራል። ማስታወቂያው ሰውዬውን አያዝም፤ ቀልዱን አፉ ውስጥ ያስቀምጥለታል።

ጾታው ግን አልለቀቀንም። ዛሬ ነዳጅ ከሚቀዱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ለእነሱ ‹‹ሙይልኝ›› ነው። አንዱ ልጅ ለሁሉም እንዲሆን ‹‹ነብር ይሙላልኝ›› ብሎ ሞከረ፤ ማመልከቻ መሰለ፤ ‹‹በትህትና እጠይቃለሁ›› ብቻ ነው የቀረው። በመጨረሻ ሥዕሉ ይወስን ብለን ተስማማን። ወንድ ቀጂ ከተሣለ ሙላልኝ፣ ሴት ከተሣለች ሙይልኝ። ሁለት ሰሌዳ ማሠራት አንድ ደረቅ ሰሌዳ ከማሠራት ይሻላል። የእንግሊዝኛው ሦስት ‹ት›ም ጠፍታለች፤ በምትኳ ያገኘነው ‹ል› ለስላሳ ስለሆነ ከበሮው አይመታም። ይህን ኪሣራ መዝግበን አለፍን።

ጭራዋን ያስታወሳት ደግሞ ‹‹ያኑሩ›› ያለው ልጅ ነው። አሜሪካኖቹ በነዳጅ ክዳን ላይ ያንጠለጠሏትን ጭራ ስነግራቸው፣ ‹‹ጋሼ፣ የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም አይደል የሚባለው?›› አለ። እውነቱን ነው። እነሱ ለጨዋታ ያንጠለጠሉት ጭራ እኛ ጋ ሲደርስ ተረት ይዞ ይጠብቀዋል። ጨርቋ ላይ ‹‹ከያዙ አይልቀቁ›› የሚል ብቻ ቢጻፍባት ሌላው ግማሽ በሰሚው አፍ ውስጥ አለ፤ ደንበኛው እንዳይለቅም ይነግረዋል። እዚህ ላይ ‹‹እርስዎ›› ማለቱ ቀልዱን አልገደለውም፤ ተረቱ ራሱ በዚያው ድምፅ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ መስመራችንን ወደ እንግሊዝኛ መልሱልኝ የሚል አለቃ አይጠፋም፤ የውጭ ኩባንያ ሁልጊዜ ይጠይቃል። ‹‹ነብር ሙላልኝ›› ሲመለስ ‹‹ታንክ›› የለውም፣ ‹‹አንተ›› የለውም፤ አለቃው ጎደለ ይላል። ተመልሶ የተተረጎመ መስመር ቃል መቅረቱን እንጂ ሰው መሳቁን አያሳይም። ስለዚህ ልጆቹ ከመስመሩ ሥር በሁለት ዓረፍተ ነገር ማን ለማን እንደሚናገረው እንዲጽፉ መከርኳቸው። ዱቄቱን የተረጎምኩ ጊዜ ይህን የሚመክረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ከእናቴ አፍ እድን ነበር።

ሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ያው ባለላዳው አባት መልሰው ሊወስዱኝ መጡ፤ ልጅቷም መንገዷ ስለሆነ አብራን ተሳፈረች። አዲሱን መስመር ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። አልሳቁም። ልጅቷ አየችኝ፤ እኔም መስኮቱን አየሁ። ጥቂት ሄደን ነዳጅ ማደያ ጎራ አሉ። መስታወቱን እያንኳኩ ዝቅ አደረጉና ራሳቸውን አውጥተው፣

‹‹የኔ ልጅ፣ ነብር ሙላልኝ!›› አሉት።

ቀጂው ወጣት ቱቦውን ይዞ መጣ። ቀናም አላለ።

‹‹የስንት ብር?››

ልጅቷ ከኋላ ወንበር በሳቅ ፈነዳች። ‹‹ጋሼ፣ ሰሙት? ቤት መታው እኮ!››